ጋሼ ያዳፈኑት እሳት

ያን እሳት መጀመሪያ ያየሁት ከጭነት መኪና ላይ ሆኜ ነው። ወደ ሜዳው ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ሲቀረን ከአድማሱ በላይ ቀይ ወጋገን ተነሣ። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች፤ ጨረቃም የመውጫዋ ሰዓት አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡት አጎቴ አማተቡና ከተማ እየነደደ ነው አሉ። ጣልያን ስንት መንደር ሲያቃጥል ያዩ ሰው ስለሆኑ ሌላ ነገር ሊያስቡ አይችሉም ነበር። ሾፌሩ ግን ሳቀብን። የሚነደው ከነዳጅ ጋር የወጣ፣ ማንም የማይፈልገው ጋዝ ነው አለን።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አገራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ግራ በኩል ነው፤ መንደራችን ጣልያን እስኪገባ ድረስ ከጤፍና ከበሬ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከዚያ ቤታችን ተቃጠለ፤ ጋሼ ሚስታቸውን አጡ፤ በመተማ በኩል ሱዳን ገባን። እዚያ የባቡር ሐዲድ ሥራ ውስጥ ገብቼ ዓረብኛ ለመድሁ፤ እንግሊዝኛም የሚያግባባኝን ያህል ያዝሁ። ቆይቶ ባሕሩን ተሻግሮ በዓረብ አገር የነዳጅ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው የሚሰበስብ ደላላ መጣ። እናቴ አገር ቤት ስትቀር ወንድሜን አደራ ብላኝ ነበርና ጋሼን ጥዬ አልሄድም አልሁ። ሁለታችንንም ወሰዱን።

ስደርስ ያ እሳት አናደደኝ። አናደደኝ ነው የምለው፤ ሌላ ስም የለውም። እኛ ዘንድ ሴቶች ለአንድ እቅፍ ጭራሮ ስንት ዳገት ይወጣሉ፤ ኩበት ይለቀማል፤ ዝናብ ሲመጣ እንጨት እንደ እህል ተሰፍሮ ነው የሚማገደው። እዚህ ደግሞ ከምድር የወጣ እሳት ቀንና ሌሊት እየጮኸ ለማንም ሳይሆን ይነዳል። ወጥ አይሠራበት፣ ሸክላ አይተኮስበት፣ ብረት አይቀጠቀጥበት። ጋሼ እቶነ እሳት አሉት፤ ከዚያ በኋላ እኛ አበሾች ሁላችን እቶኑ ነበር የምንለው።

የሥራ መሪያችን ኡስታ የምንለው ዓረብ ነበር፤ ኡስታ ማለት እነሱ ዘንድ የሙያ አለቃ ማለት ነው። ንዴቴን ሲያይ ይዞኝ ወደ መለያው ሄደ። መለያው ቤት የሚያህል የተጋደመ የብረት በርሜል ነው። ጥልቅ መሬት ውስጥ ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጋዙ በነዳጁ ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል፤ ነዳጁ ወደ ላይ ሲመጣ ግፊቱ ይረግብና ጋዙ ይለያል። አፉ የታሸገ የጠጅ ጋን ሲከፈት የሚገነፍለው ዓይነት ነው። በርሜሉ ውስጥ ነዳጁ ከታች ይረጋል፤ ጋዙ ከላይ ይቀራል። ነዳጁን ወደ ባሕር የሚወስደው ቧንቧ አለ፤ ወደቡ ላይ መርከብ ይጠብቀዋል። ለጋዙ ግን ቧንቧ አልተዘረጋለትም፤ የሚገፋው መኪና የለም፤ ቢደርስም የሚጠቀምበት ከተማ አጠገባችን አልነበረም።

ታዲያ ለምን ዝም ብላችሁ አትለቁትም አልሁት። ኡስታ እንደ ሞኝ አየኝ። ጋዙ በርሜሉ ውስጥ ቢታጎር በርሜሉ ይፈነዳል፤ ሳይነድ ቢለቀቅ ደግሞ አንድ ብልጭታ ሜዳውን ሁሉ ያነደዋል። ከሁሉ የከፋው የዚያ ሜዳ ጋዝ መርዝ ነበረበት። ከአየር ይከብድ ስለነበር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ኡስታ አፍንጫውን በጣቱ እየመታ የነገረኝን ዛሬም አልረሳውም፤ ሲሸትህ ጥቂት ነው ማለት ነው፣ ሽታው ድንገት ሲጠፋብህ ግን ጋዙ ሄዶ ሳይሆን አፍንጫህ ደንዝዞ ነው፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ወደሚመጣበት፣ ወደ ከፍታ ሩጥ አለኝ። እሳቱ ያን መርዝ ያቃጥለዋል። ለዚህ ሲባል ነው የሚነደው።

ቢነድም ንጹሕ ሆኖ አልነበረም። ነፋሱ ወደ ሰፈራችን ሲዞር የተቃጠለው መርዝ ድኝ ድኝ እያለ ጉሮሮ ይይዛል፤ ዓይን ያስለቅሳል፤ ብረቱን ሁሉ ይበላዋል። ጋዙ የነዳጅ ነጠብጣብ ይዞ ሲመጣ እቶኑ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ያጠብነው ልብስ ጥላሸት ለብሶ ይቆየናል። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ነበልባሉ ይቆራረጥና ከፊሉ ጋዝ ሳይነድ ያመልጣል። በእቶኑ ዙሪያ ሣር የሚባል ነገር አይበቅልም ነበር። የማይታየው ጭሱ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ዓለምን እንደሚያሞቅ፣ ሳይነድ የሚያመልጠው ደግሞ ከነደደው የባሰ እንደሚያሞቅ የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ያኔ ስለዚህ የሚያወራ አልነበረም።

እኔን መለያው ጋ የግፊት መለኪያ እንድጠብቅ አደረጉኝ። ጋሼ የእቶኑ ጠባቂ ሆኑ። እቶኖቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። ነፋሱ ሲዞር ጭሱ ወደ ሰው እንዳይመጣ እሳቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር የእሳቸው ሥራ ነው። ከእቶኖቹ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ ሁለት ቫልቭ ጎን ለጎን ቆሟል፤ በብረት መዘውር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደንቡ አጭር ነው። በረጅም ብረት ጫፍ ላይ የታሰረ፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ አቀጣጥለህ አዲሱ እቶን አፍ ላይ ታኖራለህ፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ጋዙን ትከፍታለህ፤ እሳቱ ሲያያዝ አሮጌውን ትዘጋለህ። እሳት ይቀድማል፣ ጋዝ ይከተላል፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይዘጉም። ጋሼ ይህን እንደ ዳዊት ደገሙት፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

በመለያውና በእቶኖቹ መካከል ፈፋ አለ። የፈፋው ዳር ላይ አንዲት ዘላን ሴት ከአማቷና ከትንሽ ልጇ ጋር ድንኳን ተክላ ፍየል ታረባ ነበር። ባሏ ወደቡ ላይ ሸክም ይሠራል። ጋሼና እነሱ ቋንቋ ሳይተዋወቁ ወዳጅ ሆኑ። እሳቸው ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ይወስዱላቸዋል፤ ሴትዮዋ እርጎ ትልክላቸዋለች። በረቡዕና በዓርብ እርጎውን ሲመልሱት መጀመሪያ ተቀይማ ነበር፤ በኋላ ለመደችና በነዚያ ቀናት ቴምር ትሰጣቸው ጀመር። ጋሼ ከተሰደዱ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው እዚያ ድንኳን ደጃፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ጣልያን እንግሊዝን ወጋ። ወሬውን የሰማነው ከመሐንዲሱ ራዲዮ ነው፤ መሐንዲሱ ሜዳውን የሚያስተዳድር እንግሊዛዊ ነበር። እኔ በደስታ ዘለልሁ። እንግሊዝ የጣልያን ጠላት ከሆነ አገራችን መግባታችን ነው ብዬ ጋሼን ላቅፋቸው ስሄድ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰማዩን ነበር የሚያዩት። አሁን አውሮፕላኑ እዚህም ይመጣል አሉኝ።

ትእዛዝ ወጣ። መብራት ሁሉ ይሸፈን፤ ፋኖስ በሰማያዊ ወረቀት ይጠቅለል፤ የመኪና ፊት ቀለም ይቀባ ተባለ። ትእዛዙን የምንፈጽመው ግን እቶኑ ሜዳውን ሁሉ እንደ ቀን አብርቶልን ነበር። ወረቀቱን የምንቆርጠው በእሱ ብርሃን ነው። እኛ ሳቅን። ጋሼ አልሳቁም።

የሚያስፈራቸውን አውቃለሁ። አገር ቤት ሳለን የወንድማቸው ተዝካር ደርሶ ሚስታቸው ጠላ ለመጥመቅ ብቅልና ጌሾ ስታሰናዳ ጭሱ ጎልቶ ወጣ። የጣልያን አውሮፕላን ዞሮ ጭሱን አየና ቦምቡን ቤቱ ላይ ጣለ። ፈፋ ውስጥ የወረዱ ጎረቤቶች ተረፉ፤ እሳት አጠገብ የነበረችው አልተረፈችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ሁለት ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እሳት ይዳፈናል፣ ሰው ወደ ዝቅታ ይወርዳል። በሽሽታችን ወቅት ይህ ሕጋቸው እኔንም አትርፎኛል። ስለዚህ አላሾፍም።

ወደ መሐንዲሱ ይዘውኝ ሄዱና እሳቱ ይጥፋ ብለህ ንገርልኝ አሉ። ነገርሁት። መሐንዲሱ ደግ ባይሆንም ቂል አልነበረም፤ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ከጦሩም ይኸው ትእዛዝ እንደደረሰው ነገረን። ነገር ግን እሳቱን ብቻ ማጥፋት አይቻልም፤ ጋዙ መምጣቱን እስካላቆመ ድረስ እሳት ማጥፋት ማለት መርዝ መልቀቅ ማለት ነው። መቆም ያለበት ከሥሩ ነው። ጋዝ የሚበዛባቸውና ነዳጅ የሚያንስባቸው ጉድጓዶች ቢዘጉ እሳቱ በብዙ ይቀንሳል። የፓምፑ ጣቢያ ማሞቂያዎች ነዳጅ ነው የሚያነዱት፤ አጭር ቧንቧ ቢዘረጋላቸው ጋዙን ያነዱ ነበር። የቀረውን በኃይለኛ መኪና ጨምቆ ወደ መጣበት መሬት መመለስ ይቻላል፤ እንዲያውም የምድሩን ግፊት ስለሚጠብቅ ለነዳጁም ይበጃል። ያ መኪና ታዞ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት መርከብ አልተገኘለትም።

ታዲያ ጉድጓዶቹን ለምን አሁን አትዘጋቸውም አልሁት። ወደቡ ላይ ያለው የኩባንያው ቢሮ ነዳጁ በአንድ ጠብታም እንዳይቀንስ አዟል አለኝ፤ ጽፌ ጠይቄአለሁ፣ መልስ እጠብቃለሁ አለ። ለጋሼ ይህን ሁሉ ተርጉሜ ነገርኋቸው። መርዙን ነገርኋቸው፤ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ነገርኋቸው፤ የአፍንጫውን ነገር ነገርኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሱ እስኪመጣ እሳቱ ይነዳል ማለት ነው? አዎ አልኋቸው። ተነሥተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እንቅልፍ አጡ። ምግባቸውንም ተዉት። ቀን ወደ ድንኳኑ እየሄዱ በእጃቸው ምልክት ለሴትዮዋ አንድ ነገር ሲያሳዩ አያቸው ነበር፤ ጣታቸውን ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ ፈፋው። የእርጎ ጨዋታ መሰለኝ። እኔ የመለኪያዬን መርፌ እጠብቃለሁ፤ ከሥራዬ ስወጣ ደክሞኛል። ስለ አውሮፕላን ሲያነሡብኝ እቆጣለሁ። የወደቡ መልስም አልመጣም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ የዋለው ነፋስ ጨርሶ ቆመ። መለያው ጋ ቆሜ ሳለ ከሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብዬ ፈለግሁት፤ አልታየኝም። ወዲያው ሌላ ነገር ሆነ። የእቶኑ ጩኸት ቆመ። ያን ጩኸት ከመጣሁ ጀምሮ ሌት ተቀን ስሰማው ስለኖርሁ እንደሚጮኽም ረስቼው ነበር፤ ዝም ሲል ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ። ወደ እቶኑ ዞርሁ። ነበልባል የለም። ሰማዩ ባዶ ነው።

መለኪያው ላይ ሳፈጥ መርፌው ይወጣል። ኡስታ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ጀርባ ሮጦ መጣ፤ ፊቱን አይቼ ነገሩ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል። ጋዙ መሄጃ አጥቶ በርሜሉ ውስጥ ይታመቃል። ኡስታ ሠራተኞቹን ጠርቶ የጉድጓዶቹን ቧንቧዎች በየተራ እንዲዘጉ አዘዘ፤ መዘውሮቹ ከባድ ስለሆኑ አንዱን ለመዝጋት ሁለት ሰው ይታገላል። አንዱን ሳይጨርሱ የበርሜሉ ደኅንነት ቫልቭ ተከፈተ። በርሜሉ እንዳይፈነዳ ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍስ ነው። አፉ ወደ ሰማይ ነው፤ እያፏጨ ሲተፋ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ነፋስ ግን አልነበረም። ወዲያው ያ የገማ እንቁላል ሽታ ከበበን፤ ጋዙ ተመልሶ እየወረደ ነበር። ከእኛ በታች ያለው ፈፋው ነው።

ኡስታ ክንዴን ይዞ በላይኛው መንገድ ሂድ፣ በፈፋው እንዳትሻገር አለኝ። ሰውዬህ ቫልቩን እንዳይነካው ንገረው፤ እሳት ሳይኖር ቢከፍተው ሌላ መርዝ ነው። ዘላኖቹን ወደ ኮረብታው አውጧቸው። ይህን ብሎ ወደ መዘውሮቹ ተመለሰ፤ እኔ ሮጥሁ።

ጋሼ ጉብታው ላይ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰማዩን እያዩ ነበር። አውሮፕላኑ ከበላያችን አልፎ ወደ ባሕሩ ይርቃል። ፊታቸው ላይ ከመንደራችን ከወጣን ወዲህ ያላየሁት ሰላም ነበር።

«አዳፈንሁት» አሉኝ። «አላየንም፤ አለፈ።»

ትንፋሼ አልመለስ ብሎኝ ሴትዮዋና ልጇ የት ናቸው አልኋቸው።

«ፈፋው ውስጥ ናቸዋ» አሉ። «እንዳስተማርኋቸው ድምፁን ሲሰሙ ወረዱ። ደኅና ናቸው።»

እንዴት እንደነገርኋቸው አላስታውስም። ጋዙ ወደ ፈፋው ወርዷል ሳልል አልቀርም። ያየሁትን ግን አስታውሳለሁ፤ ሰላሙ ከፊታቸው ላይ ሲወርድ አየሁት። የነገርኋቸው ሁሉ፣ መርዙም ዝቅታውም አፍንጫውም፣ ያን ጊዜ ነው የገባቸው።  ጋቢያቸውን መሬት ላይ ጥለው ቁልቁል ሮጡ። አንድ ሽማግሌ እንዲያ ይሮጣል ብሎ ማን ያምናል፤ ልደርስባቸው አልቻልሁም።

ከፈፋው አፋፍ ስደርስ ወርደዋል። ፍየሎቹ ከታች ተዘርረው አየሁ፤ አንዷ እግሯን ታርገበግባለች። ሴትዮዋ ልጇን ታቅፋ ዳገቱ ወገብ ላይ ተንበርክካለች፤ ለመውጣት እየሞከረች እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። አሮጊቷ አማት ግን ከታች ነበሩ። ልወርድ ስል ከኋላ አንድ እጅ ቀበቶዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ኡስታ ነው። ጉድጓዶቹ ተዘግተው የበርሜሉ ፉጨት ረግቦ ነበር፤ በላይ ዞሮ ሮጦ መጥቷል። ልቀቀኝ ብዬ ታገልሁት፤ በክርኔ አፉን መታሁት። አልለቀቀኝም።

ጋሼ ሴትዮዋን ከብብቷ ሥር ገብተው ገፏት። እኛ ሆዳችን ላይ ተኝተን እጃችንን ዘረጋን፤ ልጅቱን ተቀበልን፣ ከዚያ እናቲቱን ጎትተን አወጣናት። ሁለቱም አስመለሳቸው፤ ልጅቱ አለቀሰች። ያን ልቅሶ ስሰማ አሁን ጋሼ ይወጣሉ ብዬ እጄን እንደገና ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ወደ ታች ዞረው ነበር። ይውጡ ብዬ ጮኽሁ። ቀና አሉና በረጋ ድምፅ መለሱልኝ።

«ሽታው እኮ ለቋል፤ ደኅና ነው። እማማን ይዤ እመጣለሁ።»

ኡስታ አማርኛ አያውቅም፤ የኔን ፊት ሲያይ ግን የተባለውን አወቀ። ቀበቶዬን በሁለት እጁ ያዘ። ጋሼ አሮጊቷ አጠገብ ደርሰው ጎንበስ አሉ፤ ክንዳቸውን ያዙ። ከዚያ ሊያወሯቸው እንደፈለጉ አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ቁጭ እንዳሉ ወደ ጎን አዘነበሉ።

መሐንዲሱ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ይዞ ከሰፈር በመኪና ሲደርስ ምሽቱ ይዟል። ጭምብሉን አጥልቆ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ ራሱ ወረደ። ሁለቱንም አወጣቸው፤ ግን ለመቅበር ነው። ካህን ስላልነበረ በልጅነቴ ዲማ ደብር ከቀሰምኋት የቤተ ክህነት ትምህርት የማስታውሳትን ያህል ፍትሐት እኔ ደገምሁላቸው፤ መሐሉ ጠፍቶብኝ ካወቅሁት ላይ እየጀመርሁ ደጋገምሁት። ሴትዮዋ አማቷን በወገኖቿ ወግ ቀብራ ስታበቃ መጥታ ከጋሼ መቃብር አጠገብ ተቀመጠች። ወደዚያ ፈፋ እንዲወርዱ ያስተማሯት እሳቸው መሆናቸውን አስባው እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኋትም፤ መልሱን እፈራው ነበር።

በማግሥቱ መሐንዲሱ አስጠራኝ። አውሮፕላኑ የእንግሊዝ ነበር። የእኛው ጦር እሳታችን ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይ እንዲያይ የላከው ነው፤ ለእሱም አስቀድሞ የነገረው የለም። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣም። እኔ ወንበሩን አንሥቼ ልወረውርበት ፈልጌ ነበር፤ ተውሁት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያ ሁሉ ሰበብ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ሌሎቹ ጉድጓዶች ሲከፈቱ ጋዝ የሚበዛባቸው ተዘግተው ቀሩ፤ ነዳጁ የቀነሰው ትንሽ ነው፣ የጎደለውንም ከሌሎቹ ጉድጓዶች ሞሉት። ወደ ፓምፑ ጣቢያ ቧንቧ ተዘረጋ፤ ዘርጊዎቹ እኛው ነን፤ ሥራው እኔ ከፈራሁት በጣም ያነሰ ነበር። ማሞቂያዎቹ ነዳጅ ማንደዱን ትተው ጋዝ ያነዱ ጀመር። የሰፈሩ ዳቦ ቤትም በእሱ ጋገረ። እቶኑ ውስጥ የቀረችው እሳት ሰው የማታክል ሆነች፤ ዙሪያዋን የጭቃ ግንብ ገነቡላትና ከሩቅ መታየት ተወች። ጨምቆ ወደ መሬት የሚመልሰው መኪና የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ አልቆየሁም። ያለ መኪናውም ጋሼ የለመኑት ተፈጽሟል። እሳቸው በሕይወት እያሉም ሊፈጸም ይችል ነበር።

ጣልያን ከጎጃም ሲወጣ ተመለስሁ። እናቴን ያገኘኋት ደብረ ማርቆስ፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ ነው። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል፤ እሷ ግን ዝርዝሩን ከእኔ አፍ ለመስማት ለቅሶዋን ይዛ ጠብቃኝ ነበር። ጎረቤት እስኪወጣልን ቆይታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች፣ በል ንገረኝ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። ወንድሟ ሁለት ነፍስ እንዳተረፉ ነገርኋት። በዚህ ጊዜ ዓይኗ በራ፤ ወንድሜ እንዲያ ነው አለች። አውሮፕላኑ የጣልያን ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አልነበረም አልኋት። ይህንንም ዋጠችው።

 የሚያስጨንቃት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«ያ እሳት» አለችኝ በመጨረሻ፤ «ያ ወንድሜን የበላው እሳት፣ ምን ሊበስልበት ነበር የሚነደው?»

«ምንም» አልኋት።

የደበቅኋት ነገር ያለ መስሏት ደግማ ጠየቀችኝ። ምንም አይበስልበትም፣ እማ፤ ጋዙን የሚፈልገው ስለሌለ ነበር የሚነደው አልኋት። እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህን አላመነችኝም።